ሊትሬቸር ሪቪው ሲቀርብ ምን እንጠይቅ? ክፍተትን፣ የቀረ ድምፅንና ደካማ የምንጭ ምርጫን የሚያወጡ ጥያቄዎች

በድኅረ ምረቃ ሴሚናር ላይ አንድ ተማሪ የቀደምት ጥናቶች ዳሰሳዋን አቅርባ ስትጨርስ ከታዳሚው የሚመጣው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። «ስላይዱ ላይ ጽሑፍ በዝቷል»፤ «የሪፈረንስ አጻጻፉ ወጥ አይደለም»፤ «ርዕሱን ብታጠቢው»። ያነበበቻቸው ጽሑፎች እንዴት እጇ እንደገቡ፣ እነማን ከውስጡ እንደቀሩ፣ «ክፍተት አለ» ያለችው ከምን ተነስታ እንደሆነ ሳትጠየቅ ጭብጨባ ይሆናል። ያ ዳሰሳ ግን የመመረቂያ ጽሑፏ ምዕራፍ ሁለት ነው። መጠይቁም ናሙናውም የሚቆሙት በእሱ ላይ ስለሆነ፣ ስህተቱ ዳታ ከተሰበሰበ በኋላ ሲገኝ ማረም አይቻልም። ለዚህ ነው ዳሰሳ የሚቀርብበት ሰዓት ለጠያቂው ትልቅ ኃላፊነት የሆነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች በአንድ ምሳሌ ላይ እየሠራን እንሂድ። አንዲት የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ «የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በጤና ተቋም መውለድን ጨምሯል ወይ?» በሚል ርዕስ 18 ጥናቶችን አንብባ አቀረበች እንበል። ተማሪዋና 18ቱ ጥናቶች ለማስተማሪያ የተፈጠሩ ናቸው። ስለ ፕሮግራሙና ስለ አገር አቀፍ ጥናቶቹ የምጠቅሳቸው አኃዞች ግን እውነተኛ ናቸው። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆች 2003። ሲጀመር ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ በአብዛኛው ሴቶች የሆኑ ባለሙያዎች በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከመግባታችሁ በፊት ሠንጠረዥ አዘጋጁ

ስላይዱ ወይም ረቂቁ አስቀድሞ ከደረሳችሁ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በወረቀት ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ፤ ጥናቱ የታተመበት ዓመት፣ ዳታው የተሰበሰበበት ዓመት፣ ቦታው፣ ዳታው የማን እንደሆነ፣ እና በመጨረሻ ማን እንደተጠየቀ። የታተመበትንና የተሰበሰበበትን ዓመት ለይቶ መጻፍ ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ግን ቀጥለው ከሚመጡት ጥያቄዎች ግማሾቹ የሚወጡት ከእነዚህ ሁለት ዓምዶች ነው። በ2021 የታተመ ጽሑፍ በ2016 የተሰበሰበ ዳታ ላይ ሊቆም ይችላል። በ2016 የተሰበሰበው ዳታ ደግሞ በ2011 ስለተወለደ ሕፃን ሊናገር ይችላል።

ረቂቁ ካልደረሳችሁ ስላይድ እየተቀየረ ሳለ ሠንጠረዡን ሙሉ። ባዶ የቀረው ሳጥን ራሱ ጥያቄያችሁ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ፍለጋውን ጠይቁ

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላልና ወዳጃዊ ይሁን። «የፍለጋ ቃላትሽን እንዳለ ልታሳዪን ትችያለሽ? የትኛው ዳታቤዝ ላይ፣ መቼ ፈለግሽ?»

በደንብ የሠራች ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ታሳያለች፦

```
("health extension" OR "community health worker*")
AND ("institutional delivery" OR "facility delivery" OR "home birth")
AND Ethiopia
```

«ጉግል ስኮላር ላይ ፈልጌ ነው» የሚል መልስ ብቻ ከመጣ ቀጥላችሁ «እስከ ስንተኛው ገጽ ሄድሽ?» በሉ። ጉግል ስኮላር ውጤቱን ሲደረድር ብዙ ጊዜ የተጠቀሰውን ጽሑፍ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ብቻ ያነበበ ሰው አስቀድሞ ታዋቂ የሆነውን ነው ያነበበው። አዲስ የወጣ ጥናትና «ፕሮግራሙ ለውጥ አላመጣም» ብሎ ብዙ ያልተጠቀሰ ጥናት ከታች ቀርተዋል። ፐብሜድ ላይ ብቻ ከፈለገች ደግሞ የኛው ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎች አይገኙም። በአገር ውስጥ የሚታተሙ ጆርናሎችም ሁሉም እዚያ የሉም።

እዚህ ላይ የኛን አገር ጥናት ለሚፈልግ ብቻ የምትነሳ አንዲት ጉዳይ አለች፤ የስም ጉዳይ። ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አንድ ጽሑፍ ላይ በራሱ ስም፣ ሌላው ላይ በአባቱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። የክልልና የዞን ስሞችም በላቲን ፊደል ሁለትና ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አላቸው። «የአንድን ደራሲ ሌሎች ሥራዎች ስትፈልጊ በሁለቱም ስም ሞክረሻል?» ብሎ መጠየቅ ጥቃቅን ነገር መልቀም አይደለም። አንድ ሰው የጻፋቸው ሦስት ጽሑፎች የሦስት ሰዎች መስለው ዳሰሳ ውስጥ ሲገቡ አይቻለሁ።

ደረጃ 3፦ ያወጣችውን ጠይቁ

ሁሉም ሰው ስላስገባው ይናገራል። እናንተ ስለወጣው ጠይቁ። «ፍለጋው ስንት ጽሑፍ ሰጠሽ? ከዚያ 18 እስኪቀር ድረስ ሌሎቹ በምን ምክንያት ወጡ? ካስወጣሻቸው ውስጥ ለመተው የከበደሽን አንዱን ንገሪን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዋት። በመስፈርት የመረጠች ተማሪ አንድ ከባድ ውሳኔ ታስታውሳለች። «አንድ ጥናት ነበር፤ ያተኮረው ግን ቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ ስለሆነ፣ መውለጃ ቦታውን በአንድ ሠንጠረዥ ብቻ ስለነካው ተውኩት» ትላለች። መስፈርት ያልነበራት «የማይመለከቱትን አውጥቻለሁ» ብላ ታልፋለች።

በብዛት የሚሰማው ሦስተኛ መልስ ግን የበለጠ ሐቀኛ ነው፤ «ሙሉው ጽሑፍ ስላልወረደልኝ»። ይህን ስትሰሙ ተማሪዋን አታሳፍሯት፤ ክፍያ የሚጠይቅ ጆርናል ሁላችንንም የሚፈትን ነው። ነገር ግን ይህ የገንዘብ እንጂ የይዘት መስፈርት አይደለም፣ ዳሰሳው ውስጥም መጻፍ አለበት። «ስንት ጽሑፍ በዚህ ምክንያት ቀረ? ከአብስትራክታቸው ስታዪው ያዘነበሉት ወዴት ነው?» ብላችሁ ቀጥሉ። አብረው ደግሞ «ከ18ቱ ሙሉውን ያነበብሽው ስንቱን ነው?» በሉ። ሌላ ሰው የጠቀሰውን እንዳነበቡት አድርጎ መጥቀስ የሚጋለጠው እዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ጽሑፍን ሳይሆን ምስክርን ቁጠሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢፈቀድልኝ ይህን እጠይቃለሁ፦ «ከእነዚህ 18 ጽሑፎች ስንቶቹ አንድ ዓይነት ዳታ ላይ የቆሙ ናቸው?»

በኢትዮጵያ በእናቶች ጤና ላይ ከሚታተሙት ጽሑፎች ብዙዎቹ የሚነሱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት። ጥናቱ በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተካሂዷል፤ በ2014 እና በ2019 ደግሞ አጠር ያለው ቅጽ ተሠርቷል። ዳታው ፈቃድ ለጠየቀ ተመራማሪ በነጻ ሲሰጥ ስለቆየ ብዙ ሰው ሠርቶበታል። ይህ መልካም ነው። ችግሩ አምስት ጽሑፎች የ2016ቱን ዳታ ተንትነው «የተማረች እናት በጤና ተቋም ትወልዳለች» ሲሉ ነው። ያን ጊዜ አቅራቢዋ «አምስት ጥናቶች አረጋግጠዋል» ትላለች። አምስት ሰዎች ያንኑ 15,683 ሴቶች የመለሱትን መልስ አነበቡ እንጂ አምስት ጊዜ አልተረጋገጠም። በአንድ ጠብ ላይ አንድ ምስክር አምስት ጊዜ ቢቆም ዳኛ አምስት ምስክር ብሎ አይጽፍም።

የምሳሌያችንን 18 ጽሑፎች በሠንጠረዡ ብንበትናቸው እንዲህ ወጡ እንበል። አምስቱ የ2016ቱን አገር አቀፍ ዳታ፣ ሁለቱ የ2011ዱን ይጠቀማሉ። ሦስቱ አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ባካሄደው በአንድ ቅኝት ላይ ቆመዋል። ስድስቱ በተለያዩ ወረዳዎች የተሠሩ የየራሳቸው ቅኝቶች ናቸው። ሁለቱ ሰዎችን በቃለ መጠይቅ ያናገሩ ናቸው። አምስቱ አንድ፣ ሁለቱ አንድ፣ ሦስቱ አንድ ሲሆኑ ከስድስቱና ከሁለቱ ጋር ተደምረው 11 ይሆናሉ። ዳሰሳው የቆመው በ18 ሳይሆን በ11 ምንጭ ነው ማለት ነው።

ይህ አምስቱን ጽሑፎች ዋጋ ቢስ አያደርጋቸውም። አንዱ የርቀትን፣ ሌላው የባልን ውሳኔ አይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አምስቱ አንድ ነገር ይላሉ ወይስ አንዱን ዳታ ከተለያየ ጎን ያዩታል?» ብላችሁ ዕድል ስጧት። ከተለያየ ጎን ካዩት እንደየጥያቄያቸው ይጠቀሱ። አንድ ነገር የሚሉ ከሆነ በ«አረጋግጠዋል» ፋንታ «በ2016ቱ ዳታ ላይ እንደታየው» ተብሎ ይጻፍ።

ሦስቱ የፕሮጀክት ጽሑፎች ሌላ ጥያቄ ይጨምራሉ። «ፕሮግራሙን የሚደግፈውና የገመገመው አንድ ድርጅት ነው?» የሚለው ነው። መልሱ አዎ መሆኑ ጥናቱን ከመዝገብ አያስወጣውም፤ ግን ከዳሰሳው አንድም ቦታ ላይ አለመነገሩ ጉድለት ነው።

ደረጃ 5፦ መነጻጸሪያውን ፈትኑ

በእንዲህ ያለ ርዕስ ሁልጊዜ የሚመጣ ስላይድ አለ፤ «ከፕሮግራሙ መጀመር ወዲህ በጤና ተቋም መውለድ ከ5 በመቶ ወደ 48 በመቶ አድጓል» የሚለው። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። በ2005ቱ ጥናት 5 በመቶ፣ በ2011ዱ 10፣ በ2016ቱ 26፣ በ2019ኙ 48 በመቶ ነው።

አሁን መካከለኞቹን ቁጥሮች አውጡና ጠይቁ። «ፕሮግራሙ በ2003 ከጀመረ በ2011 ስምንት ዓመቱ ነበር። እስከዚያ የጨመረው አምስት ነጥብ ብቻ ነው። ትልቁ ጭማሪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሌላ ምን ተለወጠ? ያነበብሻቸው ጥናቶች ያን ከፕሮግራሙ እንዴት ለዩት?» በእነዚያ ዓመታት የጤና ጣቢያዎች ቁጥር አደገ፣ ለወረዳዎች አምቡላንስ ተከፋፈለ፣ አዋላጅ ነርሶች በብዛት ተመደቡ፣ በ2011 ደግሞ የሴቶች የልማት ሠራዊት ተደራጀ። አቅራቢዋ እነዚህን ካላነሳች ዳሰሳዋ ለአንድ ውጤት አንድ ምክንያት ብቻ ሰጥቷል ማለት ነው። በሌላ በኩል ፕሮግራሙ ባይኖር አምቡላንሱን የሚጠራ ሰው አይኖርም ነበር ብላ ልትከራከር ትችላለች። ጥሩ ክርክር ነው፤ የሚደግፍ ጥናት አምጪ በሏት።

የጊዜው መስኮትም አለ። አገር አቀፉ ጥናት የሚጠይቀው ከቅኝቱ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ስለተወለዱ ልጆች ነው። ስለዚህ የ2005ቱ ቁጥር በአብዛኛው ከፕሮግራሙ በፊት ያለውን ጊዜ ይነግራል። እንደ «የፕሮግራሙ ሁለተኛ ዓመት ውጤት» አድርጎ ያቀረበ ሰው ሳያስተውል መነሻውን ከውጤቱ ጋር አምታቷል። የጤና ሚኒስቴር ሪፖርት ከተጠቀሰ ደግሞ «2008 ያልሽው በማን አቆጣጠር ነው?» ማለት አይቅር። በሐምሌ የሚጀምረው የኛው በጀት ዓመት ከፈረንጆቹ ዓመት ጋር በአንድ ግራፍ ላይ ሲውል ሰባትና ስምንት ዓመት ይዘላል።

ስለ ሞዴል ቤተሰብም አንድ ልጨምር። በፕሮግራሙ ቤተሰቦች ለ96 ሰዓት ሠልጥነው ሞዴል ተብለው ይመረቃሉ፤ «ሞዴል ቤተሰብ የሆነች እናት በጤና ተቋም የመውለድ ዕድሏ ይበልጣል» የሚል ጥናትም ይጠቀሳል። ጥያቄው ይህ ነው፦ «ለሥልጠናው ቀድመው የተመረጡት እነማን ነበሩ?» ቀድሞም ምክር ለመቀበል ፈቃደኛ የነበሩት ከሆኑ፣ ልዩነቱ ከሥልጠናው በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ ብቻ የተሰበሰበ ቅኝት ይህን መለየት አይችልም።

ደረጃ 6፦ ያልተጠየቀውን ሰው ፈልጉ

ከሠንጠረዣችሁ አምስተኛውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንብቡት። በምሳሌያችን 16ቱ ጽሑፎች «ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው የወለዱ ሴቶች» ይላሉ። አሁን ሊኖሩ የማይችሉትን ቁጠሩ።

መጀመሪያ የሞተችው እናት አለች። ቅኝት የሚጠይቀው በሕይወት ያለችውን ነው። በቤቷ ወልዳ ደም ፈሷት የሞተችው፣ ወይም በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ መንገድ ላይ ያለፈችው የት ልትወልድ አስባ እንደነበር፣ ለምን እንደዘገየች ከእሷ የሚሰማ የለም። አገር አቀፉ ጥናት የእናቶችን ሞት የሚገምተው እኅትና ወንድሞቿን በመጠየቅ ነው፤ ይህ ግን ሞቷን እንጂ ምርጫዋን አይነግረንም። ሕፃኑ ሞቶ የተወለደባት እናትም እስከ 2016 ባሉት ዙሮች ከመውለጃ ቦታ ጥያቄው ውጭ ናት፤ የተጠየቀው በሕይወት ስለተወለዱት ብቻ ነውና። ስለዚህ «ዳሰሳሽ ውስጥ የሞተችን እናት ጉዳይ ከቤተሰቧ የጠየቀ ጥናት አለ?» በሉ። ይህን ጥያቄ በስሱ አቅርቡት፤ አዳራሹ ውስጥ እናቱን ወይም እኅቱን በወሊድ ያጣ ሰው ሊኖር ይችላል።

ቀጥሎ ቋንቋ። የ2016ቱ መጠይቅ የተተረጎመው ወደ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ ነው። በዚያው ጥናት በጤና ተቋም መውለድ በአዲስ አበባ 97 በመቶ ሲሆን በአፋር 15 በመቶ ነው፤ በከተማ 79፣ በገጠር 20። ዝቅተኛው ቁጥር የመጣው የመጠይቁ ጽሑፍ በቋንቋዋ ካልተዘጋጀላት እናት ነው። ፕሮግራሙ ራሱ መጀመሪያ የተቀረጸው ለአርሶ አደሩ ቀበሌ ነበር፤ ለአርብቶ አደሩና ለከተማው የተስተካከለው በኋላ ነው። «ከ18ቱ ስንቱ በአርብቶ አደር አካባቢ ተሠራ? እዚያ የተጠየቁትስ በምን ቋንቋ ተጠየቁ?» የሚለው ዳሰሳው «በኢትዮጵያ» ብሎ የመጻፍ መብት እንዳለው የሚፈትን ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወሳኞቹ ሰዎች። አማት፣ ባል፣ የልምድ አዋላጅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ራሷ። ቤት መውለድን የመረጠች ሴት ቡናና ገንፎው፣ የዘመድ መሰብሰቡ፣ በማያውቁት ሰው ፊት አለመራቆቱ ምን ያህል እንደሚመዝን የምትናገረው ቁጭ ብሎ ላዋያት ሰው ነው። አዎን ወይም አይደለም በሚል መጠይቅ ይህ አይወጣም። ጤና ጣቢያዎች በማዋለጃ ክፍል አጠገብ ገንፎና ቡና ማዘጋጀት የጀመሩት ይህ ስለተሰማ ነው። ስለዚህ ሁለቱ የቃለ መጠይቅ ጥናቶች ስላይድ ላይ በአንድ መስመር ካለፉ አቁሟት፤ «እነዚህ ሁለቱ ከ16ቱ ጋር የማይስማሙበት ነጥብ የቱ ነው?» በሏት። «ሁሉም ይስማማሉ» ካለች በጥንቃቄ አላነበበቻቸውም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ዝርዝሩን በአንዴ አታፍሱባት። አንድ የቀረ ሰው ምረጡ፣ ያ ሰው ቢጠየቅ የትኛው መደምደሚያዋ ሊለወጥ እንደሚችል ጨምራችሁ ተናገሩ። የማይለውጥ ከሆነ ጥያቄውን ተዉት፤ «ስለ እገሌ ለምን አላነሳሽም» እያሉ ስም መጥራት ብቻውን አይጠቅማትም።

ደረጃ 7፦ «ክፍተቱን» ራሱን ጠይቁ

የመጨረሻው ስላይድ ብዙ ጊዜ «በዚህ ወረዳ ከዚህ በፊት አልተጠናም» ይላል። ያልተጠና ወረዳ ሞልቷል። ጥያቄው «ከተጠኑት ወረዳዎች ይህን የሚለየው ምንድን ነው? በዚያ ልዩነት ምክንያት ምን የተለየ ውጤት ትጠብቂያለሽ?» የሚለው ነው። ቀጥሎም «ምን ብታገኚ ካነበብሽው ጋር ይጋጫል?» በሉ። ምንም የሚጋጭ ውጤት ማሰብ ካልቻለች የያዘችው ክፍተት ሳይሆን ድግግሞሽ ነው።

«አልተጠናም» ስትል ደግሞ ወደ ደረጃ 2 መልሷት። አልተጠናም ወይስ በፈለገችበት አልተገኘም? በዚያው ዞን ያለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በዚያው ወረዳ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስልክ ደውሎ መጠየቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ጥያቄዎቹ ሲሠሩ ክፍተቱ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቅርጹን ይለውጣል። «በዚህ ወረዳ በጤና ተቋም የመውለድ መጠን አልተጠናም» የነበረው «ያሉት ጥናቶች የቆሙት በ11 ምንጮች ላይ ነው፤ ከእነሱ ሁለቱ ብቻ ሰው አነጋግረዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እየጎበኘቻቸው ቤት የወለዱ እናቶችን ምክንያት ከአማቶቻቸው ጋር አድርጎ የጠየቀ ባደረግሁት ፍለጋ አላገኘሁም» ይሆናል። ሁለተኛው ረጅም ነው፤ ግን ናሙናው ማን እንደሚሆን፣ መጠይቅ ይሁን ቃለ መጠይቅ፣ በምን ቋንቋ እንደሚጠየቅ ከውስጡ ይነበባል። ተማሪዋ እየመለሰች መጻፍ ስለማትችል ያሟላችሁትን ሠንጠረዥ ከአዳራሹ ስትወጡ ስጧት። ባዶ የቀሩትን ሳጥኖች ከአማካሪዋ ጋር ቁጭ ብላ ትሞላቸዋለች።